ሲግናሉ ሙሉ ነው፣ ቪዲዮው ግን ይቆማል፦ 2.4 ወይስ 5 ጊጋኸርትዝ?

ብዙ ራውተሮች ዋይፋዩን በሁለት የሬዲዮ ሞገድ ያሰራጫሉ፦ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርትዝ። አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት እንውሰድ። ራውተሩ ሳሎን ነው። መኝታ ቤቱ ከሁለት የብሎኬት ግድግዳ በስተጀርባ ነው። በዚህ ቤት ሦስት ችግሮች አሉ።

ማታ ማታ ቴሌቪዥኑ ላይ ቪዲዮ ይቆማል

መጀመሪያ መስመሩን እንፈትሽ። ላፕቶፕ ካለ በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ችግሩ የዋይፋይ አይደለም፤ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁን አነጋግሩ። በኬብል ፈጥኖ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ ከቆመ፣ ቴሌቪዥኑ 2.4 ላይ ሳይሆን አይቀርም።

የሲግናል ምልክቱ የራውተሩን ጥንካሬ እንጂ መጨናነቁን አያሳይም። እያንዳንዱ ሞገድ ቻናል በሚባሉ መስመሮች ይከፋፈላል፤ 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። የላይኛው፣ የታችኛውና የጎን ጎረቤት ራውተሮች ሁሉ እነዚህኑ ይሻማሉ። ማታ ሁሉም ቤት ሲገባ ደግሞ ይብሳል። ብሉቱዝና ማይክሮዌቭም እዚያው አካባቢ ነው የሚሠሩት። ምግብ ሲሞቅ ብቻ የሚቆም ከሆነ ምክንያቱ ማይክሮዌቩ ነው ማለት ይቻላል።

መፍትሄው ቴሌቪዥኑን ወደ 5 ማዛወር ነው። 5 ላይ ቻናሉ ብዙ ነው፣ የጎረቤት ሲግናልም ግድግዳ አልፎ ሲመጣ ይደክማል። ቴሌቪዥኑ 5ን የማይቀበል ከሆነ በኬብል አገናኙት። ኬብል ካልተመቸ የ2.4ን ቻናል ከሦስቱ ቻናሎች ጎረቤቶች ብዙም ወዳልያዙት ቀይሩ፤ የቻናሉን ስፋትም 20 ሜጋኸርትዝ አድርጉት። 40 ማድረግ ፍጥነት የሚጨምር ይመስላል፣ ሰው በበዛበት ሕንፃ ግን መጨናነቁን ያብሳል።

ሳሎን የሚበር ስልክ መኝታ ቤት ሲገባ ይቆራረጣል

ስልኩ 5 ላይ ነው። ቅድም የጎረቤትን ሲግናል ያስቀረልን ግድግዳ አሁን የራሳችንንም ያስቀርብናል። መኝታ ቤት ውስጥ 2.4ን ተጠቀሙ። ደካማ 5 ላይ ከመንጠልጠል ደህና የሆነ 2.4 ይሻላል። ራውተሩን ከጥግ አውጥቶ ከፍ ያለ ቦታ፣ ወደ ቤቱ መሃል ማስቀመጥም ብዙ ይረዳል።

የበር ካሜራው ከዋይፋዩ ጋር አልገናኝ ይላል

ርካሽ ካሜራዎችና በስልክ የሚታዘዙ ሶኬቶች አብዛኞቹ 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት። የሚልኩት መረጃ ትንሽ ስለሆነ ፍጥነቱ ይበቃቸዋል፤ እነሱ የሚፈልጉት ርቀት ነው። ችግሩ ራውተሩ ሁለቱን በአንድ ስም ሲያወጣ ነው። ስልኩ 5 ላይ ይሆናል፣ ካሜራው ደግሞ 2.4 ይፈልጋል፣ ማገናኘቱ መሃል ላይ ይከሽፋል።

ከራውተሩ ጀርባ ወይም ሥር የተጻፈውን አድራሻ ብራውዘር ላይ አስገቡ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። Smart Connect ወይም Band Steering የሚል ካለ አጥፉት። ለሁለቱ የተለያየ ስም ስጡ፣ ለምሳሌ Bet-2.4 እና Bet-5። ስልኩን Bet-2.4 ላይ አድርጋችሁ ካሜራውን አገናኙ። ካሜራው ከተገናኘ በኋላ ስልኩን ወደ Bet-5 መመለስ ይቻላል፤ ካሜራው በቦታው ይቆያል።