ከስካን የወጣ የአማርኛ ጽሑፍ እንዴት ይጠገናል? ሁለት ነጥቡን ቶሎ አታጥፉ

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር በየቤቱ የቆየ የታተመ ወረቀት አይጠፋም። ስካን አድርጎ በኦሲአር ወደ ጽሑፍ መለወጥ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያደክመው የወጣውን ማቃናት ነው። ይህ አካሄድ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ (፡) ላላቸው የቆዩ ኅትመቶች ነው።

መጀመሪያ ዋናውን ፋይል ሳትነኩ ቅጂ አውጡ። ቅጂውን በኖትፓድ ፕላስ ፕላስ ክፈቱና በ`Ctrl+H` መስኮት `Regular expression`ን ምረጡ። ወርድ ለመጨረሻው ገጽ አቀማመጥ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የመስመር መጨረሻዎችን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ተራ የጽሑፍ ማረሚያ ይሻላል። የገጽ ቁጥሮችንና በየገጹ አናት የሚደጋገመውን ርእስ አሁኑኑ አጥፉ፤ አለዚያ ከገጽ ወደ ገጽ የተሻገረ ቃል መሀል ይገባሉ።

የሚወጣው ጽሑፍ ይህን ይመስላል፦

```
የምድር:ባቡር:ሐዲድ:ድሬዳ
ዋ:የደረሰው:በ1895:ዓመተ:ምሕረት
ነው::ከዚያ:ወዲህ:ነጋ
ዴዎች:nባቡር:መ ጓዝ:ጀመሩ::
```

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ነጥቡን ሁሉ በክፍት ቦታ ይተካና ሥራውን ያበላሻል። በቆየ ኅትመት ቃል በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ ሰረዝ አይደረግለትም። ቃሉ ማለቁን የሚናገረው ሁለት ነጥቡ ብቻ ነው፤ መስመሩ ያለ ነጥብ ካለቀ ቃሉ ወደ ታች ይቀጥላል ማለት ነው። ነጥቡን ቀድማችሁ ካጠፋችሁ «ድሬዳ» እና «ዋ» አንድ ቃል ይሁኑ ሁለት ማሽኑ የሚለይበት ነገር አይቀርም። በመስመር መሀል ያለውም ክፍተት እንዲሁ ነው፤ በነጥብ በተለየ ጽሑፍ ውስጥ በ«መ» እና በ«ጓዝ» መካከል የገባው ክፍተት የስካኑ ስሕተት ነው።

ስለዚህ በቅድሚያ ነጥቦቹን ወደ ትክክለኛ ፊደላቸው መልሱ። ኦሲአሩ አራት ነጥብን ብዙ ጊዜ ሁለት ኮለን አድርጎ ያነበዋል። `([ሀ-ፚ]) *[:፡] *[:፡]` ፈልጋችሁ በ`$1።` ተኩ። ቀጥሎ ነጠላዎቹን በዚህ ፈልጉና በ`፡` ተኩ፦

```
(?<=[ሀ-ፚ]) *:|:(?= *[ሀ-ፚ])
```

ይህ ከአማርኛ ፊደል ጋር የተነካካውን ኮለን ብቻ ስለሚይዝ 2:30 ያለ ሰዓት አይነካም።

አሁን የተቆረጡትን ቃላት መቀጠል ይቻላል፦

```
([ሀ-ፚ]) *(?:\R| )(?=[ሀ-ፚ])
```

መተኪያው `$1¦` ይሁን። ያቺ የተሰበረች መስመር የስፌቱ ምልክት ናትና አትተዋት። ከላይ ያለው ናሙና «ድሬዳ¦ዋ»፣ «ነጋ¦ዴዎች»፣ «መ¦ጓዝ» እያለ ይመጣል፤ እነዚህ ልክ ናቸው። «ምሕረት¦ነው» ግን ልክ አይደለም። በመስመሩ ጠርዝ የነበረው ነጥብ ደብዝዞ ስካነሩ ስላላየው ሁለት ቃል ተጣብቋል። `¦`ን አንድ በአንድ እየፈለጋችሁ በተሳሳተው ቦታ `፡` አስገቡ፤ አይታችሁ ስትጨርሱ የቀሩትን ሁሉ በባዶ ተኩ። ርእሶች በነጥብ ስለማያልቁ ከታቻቸው ባዶ መስመር ከሌለ ከአንቀጹ ጋር ይሰፋሉ፤ እነሱንም የምትይዙት እዚሁ ነው።

ቀጥሎ ባዕድ ፊደላት። «በ» በ`n` ይተካል፣ ሀ በ`U`፣ ዘ በ`H`፣ ተ ደግሞ በመደመር ምልክት። `[ሀ-ፚ][A-Za-z+]|[A-Za-z+][ሀ-ፚ]` ብላችሁ ፈልጉ፤ በጅምላ ግን አትተኩ። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወረቀት ላይ ፈረንሳይኛ በቦታው የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

በፍለጋ የማይገኘው ስሕተት የአናት ምልክቱ የጠፋ ፊደል ነው። ቀለሙ ሲሳሳ ሸ ወደ ሰ፣ ቸ ወደ ተ፣ ኘ ወደ ነ ይወርዳል። «ቦታውን ሸጠ» የሚል ውል «ቦታውን ሰጠ» ሆኖ ሲወጣ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ የፊደል ማረሚያ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ስሞችን፣ ቁጥሮችንና ግሦችን ከስካኑ ሥዕል ጋር አስተያዩ፤ ሥዕሉን እስከ 200 በመቶ አጉሉት። በኅትመቱ ላይ «ሐረር» ካለ ወደ «ሀረር» አትለውጡ፤ ጥገና እንጂ አርትዖት እየሠራችሁ አይደለም።

የመስመርና የክፍተት ሥራ በመጨረሻ ነው። `([፡፣፤።]) *\R(?=[ሀ-ፚ0-9])`ን በ`$1` ስትተኩ መስመሮቹ ይገጥማሉ፤ በባዶ መስመር የተለዩ አንቀጾች አይነኩም። ከዚያ `፡`ን በክፍት ቦታ ተኩ፤ ከ።፣ ከ፣ እና ከ፤ በኋላ አንድ ክፍተት አስገቡ፤ ድርብ ክፍተቶችን ወደ አንድ አውርዱ። ናሙናው እንዲህ ይሆናል፦

```
የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓመተ ምሕረት ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴዎች በባቡር መጓዝ ጀመሩ።
```

ቃላቱ ከመነሻው በክፍት ቦታ በተለዩ ኅትመቶች ላይ የስፌቱን ትእዛዝ አትጠቀሙ፤ ጽሑፉን በሙሉ አንድ ረጅም ቃል ያደርገዋል። እዚያ የመስመር መጨረሻዎቹን በዐይን ማየት ግድ ነው።