የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ይቀየርልኝ ብለው ሲጽፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እናስብ። ቃሊቲ መጋዘን ባለው የመኪና መለዋወጫ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ባወጣው የከፍተኛ አካውንታንት መደብ አመልክታ ለቃለ መጠይቅ ተመርጣለች። ጥሪው ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን 2017 ከሰዓት በኋላ በኢሜይል ደረሳት፤ ቀጠሮው ማክሰኞ ሐምሌ 1 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሐምሌ 1 ደግሞ የበጀት ዓመቱ በተዘጋ ማግስት ነው። መጋዘኑ ለሽያጭ ተዘግቶ፣ የውጭ ኦዲተሮች ቆመው እያዩ ዕቃ የሚቆጠርበት ቀን ነው፤ አስተባባሪዋም እሷ ናት። ሁለት ቀን ስታመነታ ቆይታ ቅዳሜ ማታ እንዲህ ብላ መለሰች፦

«ጤና ይስጥልኝ። ስለሰጣችሁኝ ዕድል ከልብ አመሰግናለሁ። በጣም ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ማክሰኞ ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት መገኘት ስለማልችል ቀኑን ብትቀይሩልኝ። ለእኔ ማንኛውም ጊዜ ይመቸኛል፤ ለምሳሌ ሐሙስ 9:00። ካልተቻለም ለመምጣት እሞክራለሁ። በድጋሚ ይቅርታ።»

ትሕትና አላነሰውም። ችግሩ፣ ተቀባዩ ይህን አንብቦ አንድም ነገር ማድረግ አለመቻሉ ነው። ስህተቶቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ እንያቸው።

ሁለት ቀን ማቆየት

ቅዳሜ ማታ የተላከ ኢሜይል የሚነበበው ሰኞ ጠዋት ነው፤ ቀጠሮው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው። በጠሪው ወገን ያለውን ሥራ ማወቅ ይረዳል። ብዙውን ጊዜ ጠያቂዎቹ ሦስት ያህል ይሆናሉ፦ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የሰው ኃይል ባለሙያው እና ከሌላ ክፍል የተጋበዘ አንድ ሰው። አመልካቾቹ በአንድ ቀን በተከታታይ ይገባሉ። አንዱን አመልካች ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ማለት ሦስቱን ሰዎች እንደገና አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ ማለት ነው። ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት የደረሰ ጥያቄ ግን ገና ካላረጋገጠ ሌላ አመልካች ጋር ሰዓት ለማለዋወጥ ጊዜ ይሰጣል። ሰኞ ላይ ይህ በር ተዘግቷል።

ስልክ መደወል ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የደወሉለት ሰው «እሺ፣ እናያለን» ብሎ ስብሰባ ይገባና ይረሳዋል፤ ማክሰኞ ጠዋት ሰነዱ ላይ ያለው የድሮው ሰዓት ነው። ደውለው ከነገሩ በኋላ የተነጋገሩትን ጥሪው በመጣበት ኢሜይል ላይ መልሰው ይጻፉ። አዲስ ኢሜይል አይክፈቱ፤ መደቡና የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሥሩ ይታይ።

«ከአቅሜ በላይ በሆነ ምክንያት»

ይህ ሐረግ በአገራችን ደብዳቤ ውስጥ ብዙ ከማገልገሉ የተነሳ ትርጉሙ አልቆበታል። ዘግይቶ የመጣም፣ ረስቶ የቀረም ይጽፈዋል። አንባቢው የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ጉዳዩ ምን እንደሆነ፣ ቀኑ በእርስዎ እጅ አለመሆኑን፣ ሌላ ሰው ሊተካዎት አለመቻሉን። «ሥራ ስለበዛብኝ» የሚለው ከሦስቱ አንዱንም አይመልስም፤ ሥራ ያልበዛበት ማን አለ?

በእኛ ምሳሌ ደግሞ እውነተኛው ምክንያት ራሱ ለአመልካቿ ይሠራላታል። ጠያቂው የፋይናንስ ኃላፊ ነው። የዓመት መዝጊያ ቆጠራ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ኦዲተር በቆመበት አስተባባሪው ጥሎ ቢወጣ ምን እንደሚባልም ያውቃል። ነገ የራሱን ቆጠራ ለሷ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ነው።

አንዳንዱ ግን እውነቱን መናገር ያፍርና ለቅሶ ይፈጥራል፣ ወይም ታምሜያለሁ ይላል። ይህ ከግብረ ገብነቱ ሌላ በተግባርም አያዋጣም። ጠያቂው ነፍስ ይማር ብሎ «ማን ነበር ያረፈው?» ሲል ሁለተኛ ውሸት ይከተላል። የሒሳብ ሰዎች ደግሞ በአዲስ አበባ ብዙም አይራራቁም፤ ቆጠራውን የሚያየው ኦዲተር የዚያኛውም ድርጅት ኦዲተር ሊሆን ይችላል።

በተቃራኒው ከልክ በላይ የሚናገርም አለ። «ባለፈው ዓመት ከፍተኛ ጉድለት ስለተገኘ ዘንድሮ ኦዲተሮቹ ጠንከር ብለዋል» ብሎ መጻፍ የአሠሪን ገበና ለማያውቁት ሰው መዘርገፍ ነው። የኦዲት ድርጅቱ ስም፣ የዕቃው ዋጋ፣ ያለፈው ዓመት ልዩነት አይጻፍም። «የዓመት መዝጊያ ቆጠራ» የሚለው በቂ ነው።

«ማንኛውም ጊዜ ይመቸኛል»

ደግነት ይመስላል፤ ሥራውን ግን ለተቀባዩ ያሸክማል። ሐሰትም ነው፤ ቆጠራው ረቡዕ ቢሻገር ረቡዕ አይመቻትም። የተሻለው ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ማቅረብ ነው፤ አማራጩም ነጠላ ሰዓት ሳይሆን ሰፋ ያለ ክፍተት ይሁን። «ሐሙስ 4 ሰዓት» ከሚል ይልቅ «ሐሙስ ጠዋት ከ2 እስከ 6» ማለት ሦስት ጠያቂዎች ያላቸውን ቀዳዳ እንዲያገኙ ያደርጋል።

ለጠሪው ቀላሉ በዚያው ዕለት ሰዓት መቀያየር ስለሆነ፣ ግጭቱ ከፊል ቀን ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። በቆጠራ ቀን ግን ይህ አደገኛ ነው። የተቆጠረውና የዕቃ መመዝገቢያው ቢን ካርድ ላይ ያለው አልገጥም ካለ እንደገና ይቆጠራል፤ ማለቂያውን ማንም አያውቅም። 10 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ ብሎ ቀጥሮ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ቃሊቲ መንገድ ላይ መቆም ከመጀመሪያው ጥያቄ የባሰ ነው።

አንድ ነገር አስቀድመው ያጣሩ፦ በዕለቱ የጽሑፍ ፈተና አለ ወይ? ሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ፈተና በአንድ ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ለአንድ ሰው ብቻ ማዛወር ጥያቄውን ማስወጣት ይሆናል፤ ስለዚህ አይቀየርም። ቃለ መጠይቁ ግን ከፈተናው ተነጥሎ ሊዛወር ይችል ይሆናል። በማስታወቂያ ሰሌዳ በሚጠራ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈተና ደግሞ «በዕለቱ ያልተገኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ነገሩ ከወዲሁ ተቆርጧል።

«ሐሙስ 9:00»

ብዙ ቀጠሮ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አመልካቿ የጻፈችው ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ነው። የሰው ኃይል ባለሙያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ግን በፈረንጆቹ ሰዓት የሚሠራ ነው፤ 9:00 ብሎ ሲያስገባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ስለሆነ ከ2 እስከ 5 እና ከ8 እስከ 11 ያሉት ቁጥሮች በየትኛውም ቢነበቡ የሥራ ሰዓት ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ ስህተቱ ስህተት አይመስልም። ማንም «ይህማ ሌሊት ነው» ብሎ አይጠይቅም።

ቀኑ የባሰ ነው። ግብረ ሰናይ ድርጅቱ በጁላይ 8 የጠራው አመልካች «ሐምሌ 8» ብሎ ቢመልስ አንድ ሳምንት ስቷል፤ ምክንያቱም ጁላይ 8 ሐምሌ 1 ነው። በሰኔና በሐምሌ ልዩነቱ ልክ ሰባት ቀን ስለሆነ የሳምንቱ ቀንም አያድንም፦ ጁላይ 8 ማክሰኞ ከሆነ ሐምሌ 8ም ማክሰኞ ነው። በቁጥር ብቻ «3/11» መጻፍ ደግሞ ለአንዱ ሐምሌ 3፣ ለሌላው ኖቬምበር 3 ነው።

መፍትሔው አሰልቺ ቢመስልም አንድ ነው፦ የሳምንቱን ቀን፣ ሁለቱንም ቀኖች፣ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ቃል፣ እና ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ መጻፍ። በኦንላይን የሚገባው ጠያቂ ናይሮቢ ከሆነ ሰዓቱ ከእኛ ጋር እኩል ነው፤ ጄኔቫ ከሆነ በበጋቸው አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

«ለመምጣት እሞክራለሁ»

ይህ ቃል ተቀባዩን ሁለት ወንበር እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም? ከመጻፍዎ በፊት ለራስዎ ይወስኑ፦ እምቢ ቢሉ ቆጠራውን ጥዬ እሄዳለሁ ወይስ ዕድሉን አሳልፋለሁ? መልሱ መሄድ ከሆነ መጀመሪያውኑ ግጭቱ የማይቀር አልነበረም፤ ባይጠይቁ ይሻላል። መልሱ መቅረት ከሆነ በግልጽ ይባል። መካከለኛ መንገድ ካለ ደግሞ ያኛው ይጻፍ።

የቀረውን በአጭሩ ልጥቀስ። ከአሠሪዎ የኢሜይል አድራሻ አይላኩ። ጥሪው በቀን መቁጠሪያ ግብዣ ከመጣ ደግሞ ዝም ብለው Decline የሚለውን አይጫኑ፤ ለላኪው የሚደርሰው «አልመጣም» የሚል መልእክት ብቻ ነው፤ ቦታውንም ለተጠባባቂ ሊሰጠው ይችላል።

ያቺ የሒሳብ ባለሙያ ሐሙስ ማታ ይህን ብትልክ ኖሮ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለከፍተኛ አካውንታንት መደብ ማክሰኞ ሐምሌ 1፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 8፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። በዚያ ዕለት በምሠራበት ድርጅት የዓመት መዝጊያ የዕቃ ቆጠራ አለ። ቀኑ ከውጭ ኦዲተሮች ጋር አስቀድሞ የተያዘ ነው፤ አስተባባሪዋ እኔ ስለሆንኩም ሰው ተክቼ መውጣት አልችልም። ቃለ መጠይቄን ወደሚከተሉት ማዛወር ይቻል እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ ሐሙስ ሐምሌ 3፣ ጁላይ 10፣ በማንኛውም የሥራ ሰዓት፤ ወይም ዓርብ ሐምሌ 4፣ ጁላይ 11፣ ጠዋት ከ2 እስከ 6 ሰዓት። ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ቀኑ የማይቀየር ከሆነ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 7:30፣ በኦንላይን መቅረብ እችላለሁ። በአካል ግን አልችልም። ነገ ጠዋት በስልክ እደውላለሁ።»

ይቅርታ የሚል ቃል አንድም የለበትም፤ አላስፈለገም። በምትኩ የሰው ኃይል ባለሙያው ኢሜይሉን እንዳለ ለፋይናንስ ኃላፊው ማስተላለፍ ይችላል፤ ኃላፊውም «ሐሙስ ይሁን» ብሎ በሁለት ቃል ይመልሳል።

አዲሱ ቀጠሮ ሲመጣ በዚያው ቀን «ሐሙስ ሐምሌ 3፣ ጁላይ 10፣ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት እገኛለሁ» ብሎ ቀኑንና ሰዓቱን ደግሞ መጻፍ የእርስዎ ድርሻ ነው። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብቻ ከሆነ፣ ሁለታችሁም ስለ አንድ ሰዓት እያወራችሁ መሆኑን ገና አላረጋገጣችሁም። ሁለተኛ ጊዜ ማዛወር የሚባል ነገር እንደሌለ ቆጥረው ከቆጠራው ማግስት ያለውን ቀን ባዶ ያድርጉት፤ ረቡዕን ያልጠየቀችውም ለዚህ ነው።