ለሲቪል መሐንዲስ የሚሆን ፕሮፋይል ፎቶና ባነር እንዴት ይመረጣል?

ኮምቦልቻ ውስጥ የሳይት መሐንዲስ ስንፈልግ የአመልካቾችን የሊንክድኢን ገጽ ከሚያዩት አንዱ እኔ ነኝ። ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ፎቶውና ከኋላው ያለው ባነር ነው። የባነሩ ጉዳይ ሰፊ ስለሆነ ፎቶውን ቶሎ እንጨርሰው።

1. ፎቶው

ሰልፊ ይቅር። ስልኩ ፊት ላይ ስለሚቀርብ አፍንጫን ያተልቃል። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ትንሽ ዙም አድርጎ ያንሳችሁ። ሄልሜት የምታደርጉት ሳይት ላይ ከሆናችሁ ብቻ ነው። ቢሮ ውስጥ ሄልሜት አድርጎ የተነሳ ሰው ለፎቶ ብሎ እንዳደረገው ወዲያው ያስታውቃል። እኩለ ቀን ላይ አትነሱ፤ የሄልሜቱ ጠርዝ ጥላ ዓይንን ይሸፍናል። የደሴ ጉም ያለበት ጠዋት ግን ለዚህ ተመራጭ ነው፤ ብርሃኑ ፊት ላይ እኩል ያርፋል። ፎቶው በክብ ስለሚቆረጥ ከሄልሜቱ በላይ ክፍት ቦታ ተዉ።

2. ለባነር የሚሆን ሥራ መምረጥ

የባነሩ ልክ 1584 በ396 ፒክስል ነው። ስፋቱ የቁመቱ አራት እጥፍ ማለት ነው። ስልካችሁ 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ ካነሳ፣ ለባነር የሚተርፈው 4000 በ1000 ብቻ ነው። ከቁመቱ ሁለት ሦስተኛው ይጣላል። ለዚህ ነው ረጅም ሕንፃ ባነር ላይ የማያምረው፤ ወይ ጣሪያው ወይ መሬቱ ይቆረጣል። መንገድ፣ ድልድይና የድጋፍ ግንብ ግን በተፈጥሯቸው አግድም ናቸው። ወሎ ደግሞ ተራራማ ስለሆነ የድጋፍ ግንብ አይጠፋም።

አንድ ወጣት መሐንዲስ ሁለት ፎቶ ይዞ ምረጥልኝ አለኝ። አንደኛው ኮንክሪት ሊሞላ የተዘጋጀ የኮለን ፌሮ ነው። ሁለተኛው ደሴ ዳገት ላይ የተቆጣጠረው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ነው። እሱ ፌሮውን ወዶታል፤ ሥራው ገና በሂደት ላይ ያለ ስለሚመስል።

ፎቶውን አጉልተን አየነው። ኮለኑ ከቢሙ የሚገናኝበት አካባቢ ስታፋዎቹ ልክ እንደ መሃሉ ተራርቀው ታስረዋል። እዚያ ጋ መጠጋት ነበረባቸው፤ በተለይ እንደ ደሴና ኮምቦልቻ የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋት ባለበት አካባቢ። ፌሮው በአንድ በኩል ካሳፎርማውን ነክቷል፤ ስፔሰር አይታይም። እንዲህ ሆኖ ኮንክሪት ቢሞላ ፌሮው በቂ ሽፋን አያገኝም፣ ቆይቶ ይዝጋል። ከጀርባ ደግሞ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሠራተኛ አለ። ይህን ሁሉ ልምድ ያለው መሐንዲስ በአንድ እይታ ያየዋል። ፎቶው ላይ ያለው ጉድለት የማን እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም፤ የገጹ ባለቤት ነው ብሎ ያልፋል።

ግንቡ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። የውሃ ማስወጫ ቧንቧዎቹ በረድፍ ይታያሉ። እነሱ ባይኖሩ ዝናብ ከግንቡ ጀርባ ተጠራቅሞ ይገፋዋል፤ ስለዚህ መሐንዲስ መጀመሪያ የሚፈልገው እነሱን ነው። የግንቡ መስመር ቀጥ ያለ ነው፣ የአንድ ሠራተኛ ቁመትም ለመጠኑ መለኪያ ሆኗል። ሠራተኛው ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ አድርጓል።

ያልሠራችሁበትን ሥራ ግን አትለጥፉ። የሕዳሴ ግድብን ወይም የዱባይን ሕንፃ ባነር ያደረገ ሰው ቃለ መጠይቅ ላይ «እዚህ ላይ ያንተ ድርሻ ምን ነበር?» ሲባል መልስ ያጣል። የራሳችሁ ትንሽ ካልቨርት ይበልጣል።

3. ፈቃድ

የፕሮጀክቱን ባለቤት ወይም አማካሪውን ጠይቁ። ፕላንና የመኪና ሰሌዳ ከፎቶው ውጭ ይሁኑ።

4. መቁረጥና መጫን

ክቡ ፎቶ የባነሩን ግራ ታች ጥግ ይሸፍናል። ስለዚህ ዋናውን ነገር ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ቁረጡ። በዚያ ግንብ ላይ ቧንቧዎቹ በስተቀኝ ስለነበሩ ግራው ሰማይና ዳገት ሆኖ ቀረ፤ ምንም አልጠፋም። ባነሩ ላይ ስምና ስልክ ቁጥር በትልቁ የሚጽፉ አሉ። እኔ አልመክርም፤ ስማችሁ ከታች አለ፣ በስልክ ሲታይም ጽሑፉ ይደፈናል።

ከጫናችሁ በኋላ በስልክም በኮምፒውተርም ክፈቱት። አቆራረጡ ትንሽ ይለያያል፣ በኮምፒውተር ደህና የታየው በስልክ ሊሸፈን ይችላል። በመጨረሻም የሥራ ልምድ የሚለው ክፍል ላይ ያንኑ ግንብ ጻፉት፤ የት እንደሆነ፣ ቁመቱና ርዝመቱ ስንት እንደሆነ፣ እናንተ ተቆጣጣሪ ነበራችሁ ወይስ የኮንትራክተሩ መሐንዲስ።