ማህበራዊ ካፒታልን በመጠይቅ መለካት፦ የእድሩ ጥያቄ የሚያመጣው ጣጣ

የመመረቂያ ጥናት የሚሠሩ ተማሪዎች ዳታ እጄ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። መጠይቁ ተበትኗል፣ ተሰብስቧል፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል፣ ሪግሬሽኑም ተሠርቷል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። «ማህበራዊ ካፒታል ጉልህ ሆኖ አልወጣም፣ ምን ላድርግ?» ድምፁ ብቻ ነው የሚለያየው እንጂ ጥያቄው ያው ነው።

ናሙና እንዴት እንደሚወጣና ዳታ እንዴት እንደሚጸዳ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። «መልስ የለም» ለማለት የተሞላውን 99 እንደ እውነተኛ ቁጥር ደምራችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን አጽዱና ተመለሱ።

ምልክት፦ ማህበራዊ ካፒታል ከምንም ነገር ጋር አይገናኝም

ምክንያቱ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን ያህል አንድ ነው፦ «የእድር አባል ነዎት? አዎ / የለም»።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ጥናቱ በአንድ ከተማ ያሉ አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ ነው። የሚብራራው ነገር ከማይክሮፋይናንስ ብድር ማግኘታቸው ነው። ናሙናው 384 ሰው ነው (ያቺ የተለመደችው ቁጥር)። እድር፣ እቁብ፣ ማህበር አዎ ወይም የለም ተብለው ተጠይቀው ተደምረዋል፣ ስሙም «የማህበራዊ ካፒታል ኢንዴክስ» ተብሏል። የእድሩን ሰንጠረዥ ስታወጡት 365 ሰው «አዎ» ብሏል። 95 በመቶ ማለት ነው።

ተለዋዋጭ የተባለው ነገር እኮ አልተለዋወጠም። ሁሉም ተማሪ ዩኒፎርም በለበሰበት ክፍል ውስጥ ዩኒፎርሙ ማን አንደኛ እንደወጣ ሊነግራችሁ አይችልም። አዎ/የለም ጥያቄ ሊኖረው የሚችለው ትልቁ ቫሪያንስ 0.25 ነው፣ መልሱ ግማሽ በግማሽ ሲከፈል። እዚህ 0.95 በ0.05 ስታባዙት 0.0475 ይመጣል። በዚህ ላይ ምንም ዓይነት ሪግሬሽን ብትሠሩ እድር የሚጠቅም ይሁን የማይጠቅም አታውቁም።

የባሰው ግን የቀሩት 19 ሰዎች ጉዳይ ነው። እነማን ናቸው? ከሌላ ቦታ የመጡ፣ ከዓመት ከሁለት ዓመት በፊት የገቡ ተከራዮች። የቆየ እድር አዲስ አባል ሲቀበል የመግቢያ ክፍያ ይጠይቃል፣ ሰውየው ደግሞ ነገ ቤት ሊቀይር ይችላል፣ ስለዚህ አልገባም። የቀበሌ መታወቂያም ገና አላወጣ ይሆናል፣ ብድሩንም የከለከለው እሱ ሊሆን ይችላል። ተማሪው ግን «እድር የሌላቸው ማህበራዊ ካፒታል ስለሌላቸው ብድር አጡ» ብሎ ይጽፍና ዲፌንስ ላይ ይቆማል። ለካ የለካው ሰፈሩ ውስጥ የኖሩበትን ዘመን ነው! በስታታ እንዲህ አድርጋችሁ ፈትሹ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፦

```
tab iddir
bysort iddir: summarize years_kebele
tab iddir enumerator, col
```

ሦስተኛዋን መስመር የጨመርኳት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ ሴት ነጋዴዎች ላይ በተሠራ ዳታ ውስጥ እድር ተለዋወጠ፣ ደስ አለን። ቆይተን በመረጃ ሰብሳቢ ስንከፋፍለው አንደኛዋ ልጅ የጠየቀቻቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም አባል ናቸው፣ ሌላው ልጅ የጠየቃቸው ግን ግማሾቹ አይደሉም። ደውለን ጠየቅናቸው። ሴትየዋ «የተመዘገበው ባለቤቴ ነው» ስትል አንደኛዋ «አዎ» ላይ ምልክት ታደርጋለች፣ ሁለተኛው «የለም» ላይ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መጠይቁ ነው ያልነገራቸው። እድር ብዙ ቦታ የቤተሰብ ነው፣ የሴቶች እድር ደግሞ ለብቻው አለ። የቤተሰቡን አባልነትና የግለሰቧን አባልነት ለያይታችሁ ካልጠየቃችሁ የምታገኙት የጠያቂዎቻችሁን ልዩነት ነው።

«እሺ፣ አባልነት ካልሆነ ተሳትፎ እንጠይቅ» የሚል ይመጣል። «ባለፈው ወር ስንት ቀብር ላይ ተገኙ?» ይህም አይሠራም። ያልተገኘ ቅጣት ይከፍላል፣ ስለዚህ ሁሉም ይገኛል። ቁጥሩ የሚለካው ደግሞ ባለፈው ወር ሰፈሩ ውስጥ ስንት ሰው እንደሞተ ነው።

መፍትሄው፦ አባልነቱን ትታችሁ የሚያገኙትን ነገር ጠይቁ

ቫን ደር ኻኽና ስናይደርስ በ2005 ያወጡት መሣሪያ አለ፣ ሪሶርስ ጄኔሬተር ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሰውየው ስንት ማህበር ውስጥ እንዳለ አትጠይቁም፣ አንድ የተወሰነ ነገር ሲያስፈልገው የሚያገኝበት ሰው አለው ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። «የሚያውቁት ሰው» ሲባል መንገድ ላይ ቢገናኙ ስሙን የሚያውቁት ሰው ማለት ነው። ይህን መስፈርት መረጃ ሰብሳቢው ጮክ ብሎ ያንብበው፣ አለዚያ አንዱ ወንድሙን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ከንቲባውን።

እንደ ወረደ አትቅዱት፣ የኔዘርላንድ ኑሮ ነው የተለካበት። ለነጋዴዎቹ ጥናት እኔ የምጠቀምባቸው እንደዚህ ያሉ ናቸው፦ በሳምንት ውስጥ ያለ ወለድ ይህን ያህል ብር የሚያበድርዎ ሰው አለ? ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚሠራ፣ ጉዳይዎ የት እንደደረሰ የሚነግርዎ? ዕቃ በዱቤ የሚሰጥዎ አከፋፋይ? ለሦስት ቀን ሱቁን የሚጠብቅልዎ? ከሌላ ከተማ የዋጋ ወሬ የሚያቀብልዎ? «አዎ» ካለ ሁለት ነገር ይከተላል። ሰውየው ዘመድ ነው፣ ጓደኛ ነው ወይስ እንዲሁ የሚያውቁት? የተዋወቁትስ በምን ነው፦ በእድር፣ በእቁብ፣ በሥራ፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ወይስ በመስጊድ?

በዚህች በመጨረሻዋ ጥያቄ እድር ተመልሶ ገባ፣ በዚህ ጊዜ ግን ይለዋወጣል። አንዱ የእድር አባል ከእድሩ ያገኘው ሰው የለም፣ ሌላው ከገንዘብ ያዡ ጋር ዱቤ ይሠራል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ነው።

የብሩን መጠን ከጠረጴዛ ላይ አትወስኑ። ሠላሳ አርባ ሰው ላይ ሞክሩት። ከአሥር ዘጠኙ «አዎ» ካለ መጠኑን ከፍ አድርጉ፣ ከአሥር አንዱ ብቻ ካለ ዝቅ አድርጉ። እኔ ከ20 እስከ 80 በመቶ ውስጥ ያልወደቀ ጥያቄ አላስገባም። ሙከራውን «ጊዜ የለም» ብላችሁ የምትዘሉ ሰዎች፣ በኋላ ላይ ከእኔ ጋር በስልክ የምታጠፉትን ሰዓት አስቡት።

ማስጠንቀቂያ፦ «ባለፈው ዓመት ጎረቤት ረድቶዎት ያውቃል?» ብላችሁ አትጠይቁ። የተረዳው የቸገረው ነው። ያልቸገረው ሰው ሃያ የሚረዳው ሰው ኖሮት «የለም» ይላል። ከዚያ ማህበራዊ ካፒታል ከድህነት ጋር አብሮ ይጨምርና የኮኤፊሸንቱ ምልክት የተገለበጠበት ውጤት ይዛችሁ ቲዎሪ ፍለጋ ትገባላችሁ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ከላይ ዝርዝሩ ውስጥ «ዋስ የሚሆንዎ ሰው አለ?» የሚለውን ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። የሚብራራው ነገር በዋስ የሚገኝ ብድር ከሆነ ጥያቄው ራሱ ውጤቱ ነው። ጥሩ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ግን ብድርን በብድር ነው ያብራራችሁት። አንድ ተማሪ ይህን አውጣ ስለው ተከራከረኝ፣ ጉልህ የወጣችው እሷ ብቻ ነበረችና። አወጣት፣ ግን እያዘነ።

ይህ መሣሪያም የማይፈታው ነገር አለ። ሰውየው ሱቅ ስለከፈተ አከፋፋይ አወቀ ወይስ አከፋፋይ ስለሚያውቅ ሱቅ ከፈተ? በአንድ ጊዜ ጥናት ይህ አይለይም። «ይህን ሰው ንግዱን ከመጀመርዎ በፊት ያውቁት ነበር?» ብላችሁ ብትጨምሩ ትንሽ ይረዳል፣ የማስታወስ ስህተት እንዳለ ሆኖ።

ምልክት፦ ክሮንባክ አልፋ 0.4 ወጣ

ተማሪው ወዲያው ጥያቄ መሰረዝ ይጀምራል። እቁብ ሲወጣ 0.52፣ ማህበር ሲወጣ 0.61፣ 0.70 እስኪደርስ። በመጨረሻ የቀሩት አንድን ነገር በሦስት አነጋገር የጠየቁ የላይክርት ጥያቄዎች ናቸው።

አልፋ የሚጠየቀው ጥያቄዎቹ የአንድ ነገር ምልክቶች ሲሆኑ ነው። ትኩሳት፣ ላብና ብርድ ብርድ ማለት የወባ ምልክቶች ናቸው፣ አብረው ይመጣሉ። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይና የእርሻ ገቢ ግን ተደምረው ገቢን ይሠራሉ እንጂ አብረው መምጣት የለባቸውም። የእድር፣ የእቁብና የማህበር አባልነት ሁለተኛው ዓይነት ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ማህበር ካልጠጣ ምን ችግር አለው? እዚህ ላይ አልፋ አይሠላም። እያንዳንዱን ለብቻው አስገቡ ወይም ለምን እንደተደመረ በጽሑፍ አስረዱ። አማካሪው «አልፋ የታለ?» ካሉ ይህንኑ በትህትና ንገሯቸው፣ አንዳንዶቹ ይሰማሉ። እምነትን የሚለኩ የላይክርት ጥያቄዎች ግን የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፣ ለእነሱ አልፋ ይሠላ።

ምልክት፦ እምነት ላይ ሁሉም «ጥንቃቄ ያስፈልጋል» አለ

«በአጠቃላይ አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?» የሚለውን ስትጠይቁ ሰውየው «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» ብሎ ይስቃል። ተረቱን ነው የነገራችሁ። ደግሞም «አብዛኛው ሰው» ሲባል ለአንዱ ሰፈሩ ነው፣ ለሌላው ዓለም። የዓለም የእሴቶች ጥናት ከ2005 ጀምሮ ለያይቶ የሚጠይቀው አለ፦ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ በግል የሚያውቁት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት፣ የሌላ ሃይማኖት ተከታይ፣ የሌላ አገር ሰው። እሱን ውሰዱ፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስትና የመጨረሻዎቹን ሦስት አትደባልቁ።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙ፦ የኮኤፊሸንቱ ምልክት ተገልብጦ ከወጣ መጀመሪያ የተገላቢጦሽ የተጻፈውን ጥያቄ ኮድ እዩ። ጎረቤታሞች በሙሉ አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡ የለካችሁት የሰፈር ባህሪ ነው፣ የግለሰብ አይደለም፤ በቀበሌ ደረጃ ተንትኑ።

ዳታው አስቀድሞ ተሰብስቦ ካለቀ ደግሞ የእድሩን ተለዋዋጭ «ማህበራዊ ካፒታል» ማለታችሁን ተዉና «የእድር አባልነት» በሉት፣ የመኖሪያ ዘመንን መቆጣጠሪያ አድርጋችሁ አስገቡ። ስልክ ቁጥር ወስዳችሁ፣ ተመልሰን እንደውላለን ብላችሁም ፈቃድ ከተቀበላችሁ፣ ከ384ቱ ስልሳውን በዕጣ አውጥታችሁ ከላይ ያሉትን አምስት ጥያቄዎች በስልክ ጠይቁ። ሁለት ቀን ይበቃል። የስልሳው ውጤት ለብቻው ምዕራፍ ባይሆንም፣ የእድሩ ጥያቄ ምን እንዳልያዘ ለማሳየት ግን ከበቂ በላይ ነው።