ወርቅን ለቁጠባ ሲገዙ

ከቁጠባዎ ጥቂቱን በወርቅ ለማስቀመጥ ካሰቡ፣ ከመግዛትዎ በፊት በጌጡ ውስጥ ያለውን ንጹሕ ወርቅ ያስሉ። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ስለሆነ፣ 10 ግራም የሚመዝን ባለ 18 ካራት ሐብል የያዘው ንጹሕ ወርቅ 7.5 ግራም ብቻ ነው፤ የከፈሉት የእጅ ዋጋም ሲሸጡት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ለቁጠባ የሚገዛ ሰው ሥራ የበዛበትን ጌጥ ትቶ ቀለል ያለውንና ካራቱ ከፍ ያለውን ቢመርጥ፣ ክብደቱና ካራቱ የተጻፈበትን ደረሰኝም ቢያስቀምጥ ይሻላል።

የወርቅ ዋነኛ ብርታት ዋጋው በዓለም ገበያ በዶላር መተመኑ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር ሲዳከም፣ ወርቅ የያዘ ሰው ጥሬ ብር ካስቀመጠው ይልቅ የመግዛት አቅሙ ተጠብቆለታል። ይሁን እንጂ ወርቅ ወለድም ኪራይም አያስገኝም፤ የዶላር ዋጋውም ለረጅም ዓመታት ሊወርድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 አንድ አውንስ 850 ዶላር ገደማ ደርሶ በ1999 ወደ 250 ዶላር ግድም ወርዷል፤ የቀድሞውን ከፍታ ያለፈው በ2008 ነበር። በሁለትና ሦስት ዓመት ውስጥ ለቤት ወይም ለልጆች ትምህርት የሚፈለግ ገንዘብ ወርቅ ላይ ባይውል እመርጣለሁ፤ በእኔ ግምት ከቁጠባው አንድ አሥረኛው ገደማ ለወርቅ ይበቃል።