ፔቲ ካሽ ሲጎድል መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉ

ቫውቸሩና በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ተደምሮ ለፔቲ ካሽ የተመደበውን መነሻ ገንዘብ ካልሞላ፣ ሁሉንም እንደገና ከመደመር በፊት ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ አሃዝ ተገለባብጦ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ቢሮ መነሻው 5,000 ብር ነው እንበል። ቫውቸር 3,050፣ ጥሬ ገንዘብ 1,860፣ ድምሩ 4,910፤ 90 ብር ጎደለ። 90 ለ9 ሲካፈል ያለ ቀሪ 10 ስለሚሆን፣ የመቶና የአሥር ቤት አሃዞች በ1 የሚለያዩበትን ቫውቸር ፈልጉ። የደብረ ሲና መጓጓዣ 450 ተብሎ ተጽፏል፣ የተያያዘው ደረሰኝ ግን 540 ይላል። አሃዝ ከአሥር ቤት ወደ መቶ ቤት ሲዛወር ዋጋው ከ10 እጥፍ ወደ 100 እጥፍ ስለሚያድግ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ90 ብዜት ነው። ቫውቸሩን አትደልዙ፤ ሰርዛችሁ በትክክለኛው መጠን አዲስ አስፈርሙ። ደረሰኞቹ ሁሉ ከቫውቸሮቹ ጋር ከተስማሙ ግን ቫውቸር ያልተቆረጠለትን ወጪ ፈልጉ፤ በተለይ “በኋላ ደረሰኝ አመጣለሁ” ተብሎ የተሰጠውን። ጉድለቱን ከኪሳችሁ አትሙሉ፣ ስህተቱ ተደብቆ ይቀራል።