የጥቅምት ሽያጭ ዳሽቦርዱና የፋይናንስ ሪፖርቱ ለምን እንደተለያዩ

ሰላም ጋሼ፣

የ60,000 ብሯ ልዩነት ቫት ናት። ዳሽቦርዱ 2,460,000 የሚለው `total_amount`ን ስለሚደምር ነው፣ እሱ ደግሞ ደንበኛው ካሸር ላይ የከፈለው ከነቫቱ ነው፣ ፋይናንስ ግን ቫቱ የመንግሥት ስለሆነ ገቢ ውስጥ አያስገባውም፣ 2,400,000 ያሉት ለዛ ነው።

መጀመሪያ ጠቅላላውን ለ1.15 ሳካፍለው 2,139,130 መጣ፣ እሱም አልገጠመም። ለካ መድኃኒቱ (2,000,000) ከቫት ነፃ ነው፣ 15% ያለበት ኮስሞቲክሱ ብቻ ነው፦ 400,000 ሲደመር 60,000።

አሁን ዳሽቦርዱን `net_amount` እንዲደምር ቀይሬዋለሁ፣ ቫቱ በየዕቃው መስመር ስለሚቀነስ ከፋይናንስ ጋር ልክ ገጥሟል። የካሸር ሂሳብ ለማመሳከር ግን ከነቫቱ ያለው ስለሚያስፈልግ እሱንም «የተሰበሰበ ብር» ብዬ ጎኑ ትቼዋለሁ። የመስከረሙም እንደዚሁ ይቀንሳል፣ ስታዩት እንዳትደነግጡ።